«ለዚህ ቦታ ትበዢያለሽ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ሐምሌ 2017 ነው። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ቡና ቤት ተቀምጠናል። አንዲት የማውቃት ሴት ሲቪዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችልኝ። አምስት ገጽ ነው። አናቱ ላይ በደማቁ «የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊ» ይላል። ከሥሩ ማስተርስ ዲግሪ፣ ስድስት ዓመት በአንድ ፕሮጀክት፣ ያስተዳደረችው በጀት፣ በሥሯ የነበሩ ሰዎች ብዛት። ያመለከተችው ግን ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነበር። ሰባት ቦታ አመልክታ ሁለት ቦታ ተጠርታለች። አንደኛው ድርጅት ዝም አለ። ሁለተኛው ፊት ለፊት ነገራት፦ «ለዚህ ቦታ ትበዢያለሽ።»

«መብዛት ደግሞ ጥፋት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ጅማ ውስጥ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ፕሮጀክቶች ተዘጉ። የሷም ቢሮ መጋቢት ላይ ተዘጋ። ከአስተባባሪ እስከ ሹፌር ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ገበያ ላይ ወጣ። የፕሮጀክት ደረጃ ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጥቂት ነው። ያለው አማራጭ ወይ አዲስ አበባ መሄድ ነው፣ ወይ እዚሁ ከነበሩበት ወርዶ መሥራት። ቤተሰብ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይመርጣል። ሲመርጥ ግን በሩ እንደጠበቀው አይከፈትለትም።

እኔ በዚሁ ከተማ በግል ድርጅቶች የሰው ኃይል ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ «ይበዛብናል» ብዬ ያለፍኳቸው ሰዎች አሉ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ማዶ ምን እንደሚታሰብ አውቃለሁ። ስለ ዕውቀትዎ ብዛት የሚጨነቅ ቀጣሪ ብዙም አላየሁም። የሚጨነቀው ስለ ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ስለሚሄዱበት ወር ነው።

ነገሩን በሷ ጉዳይ ላስረዳ። ቀጥላ ያመለከተችው ቡና ለሚያቀርብ አንድ የግል ድርጅት ነበር። ጅማ ዙሪያ እሸት ቡና መልቀም የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ ጥር ይገባል። በእነዚህ ወራት የድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ማታ እሸት ከሚገዛባቸው ጣቢያዎች የግዢ ደረሰኝ ይመጣል። የገባው እሸት ኪሎ፣ የዕለቱ ዋጋ፣ ለሰብሳቢው የተሰጠው ቅድሚያ ክፍያ፣ የተመለሰው ቀሪ ገንዘብ ሁሉ በዚያው ማታ ይመሳከራል። ታጥቦ ከሚዘጋጅ ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት የሚወጣው አንድ ኪሎ ያህል ንጹሕ ቡና ነው። ስለዚህ ኪሎው በደረሰኝ ላይ ከተሳሳተ ስህተቱ የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ መጋዘን ውስጥ ሲመዘን ነው። ያኔ ማን ምን እንደወሰደ ለማወቅ ደረሰኙን ቀን በቀን የያዘው ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ኅዳር ላይ ከለቀቀ የተካው ሰው ወቅቱ እስኪያልቅ ነገሩ አይገባውም።

እንግዲህ የድርጅቱ ባለቤት ሲቪውን ሲያይ ይህን ያሰላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። ሙከራውን ሲጨርስ ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መሄድ ይችላል። መስከረም መጀመሪያ የተቀጠረ ሰው 60 የሥራ ቀኑን የሚጨርሰው ኅዳር ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ በጣም በሚፈልጋት ጊዜ እሷ በአንድ ቀን ብድግ ብላ መሄድ ትችላለች ማለት ነው። «ትበዢያለሽ» ሲል በልቡ የሚያየው ይህን ነው። ሌላ ፕሮጀክት ተከፍቶ ኅዳር 15 ቀን ስልክ ሲደወልላት ይታየዋል።

ብዙ አመልካች ግን ለዚህ ፍርሃት የሚሰጠው መልስ «ሥራ እወዳለሁ፣ ታማኝ ነኝ» ነው። እሷም ያው ነበር ያደረገችው። የመጀመሪያው ደብዳቤዋ ላይ «ማንኛውንም ሥራ በማንኛውም ደመወዝ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበር። አስወጣሁት። ይህ አባባል ትሕትና ይመስላል፣ ሲነበብ ግን «ሌላ እስካገኝ ድረስ» ይላል። «ለጊዜው» የምትለዋ ቃልም እንዲሁ ናት። አንድ ጊዜ ከአፍ ካመለጠች ኮሚቴው ሌላ ነገር አይሰማም።

ከዚያ ሲቪውን ወደ ሁለት ገጽ አወረድነው። ማስተርሱን እናውጣው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት። ከኮሚቴው አንዱ ዩኒቨርሲቲ አብሯት የተማረ፣ ወይም የሚያውቃትን ሰው የሚያውቅ መሆኑ አይቀርም። የደበቀችው ነገር ከወጣ ደግሞ ለገንዘብ ሥራ የምትታመን አትሆንም። የድርጅቱ ፎርም «የትምህርት ደረጃ» ብሎ ሲጠይቅም ያለውን ሙሉውን መጻፍ ግድ ነው። የሥራ መጠሪያዋንም አልነካንም። የቀየርነው ቅደም ተከተሉን ነው። ማስተርሱ ወደ መጨረሻ ወረደ። በያንዳንዱ ሥራ ሥር ደግሞ በእጇ የሠራችው ቀደመ፦ ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ፔቲ ካሽ መያዝ፣ ባንክ ማመሳከር፣ ፔይሮል፣ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ማሳወቅ። በጀት ማጽደቅና ቡድን መምራት የሚሉት በአንድ መስመር ታጠፉ።

ደብዳቤው ላይ ነገሩን ሳትጠየቅ ራሷ አነሳችው። ይህ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ብዙው ሰው «ይበዛብናል» ተብሎ የሚጣለው ቃለ መጠይቅ ሳይደርስ፣ ወረቀት ላይ እያለ ነው። የጻፈችው ይህን ነበር፦

«ከዚህ በፊት የቢሮ ፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ቢሮው የተዘጋው የፕሮጀክቱ ገንዘብ ስለተቋረጠ ነው፤ ክሊራንሴንና የሥራ ልምዴን አያይዣለሁ። አሁን ያመለከትኩት ለሒሳብ ሠራተኛ ቦታ ነው፤ ደመወዙም የዚያው ቦታ መሆኑን አውቄ ነው። ቤቴም፣ የባለቤቴ ሥራም፣ የልጆቼ ትምህርት ቤትም ጅማ ነው። ብቀጠር የመጪውንም ከዚያ የሚቀጥለውንም የቡና ወቅት ሒሳብ ዘግቼ አስረክባለሁ።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱ ግን አንድ ጥያቄ ይዘጋል። ክሊራንሱ ለምን እንደገባ ልብ በሉ። ከኃላፊነት የወረደ የሒሳብ ሰው ሲያይ የማንም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ «ገንዘብ አጉድሎ ይሆን?» ነው። ፊት ለፊት አይጠይቁም፣ ግን ያስባሉ። ዕዳ የሌለባት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከደብዳቤው ጋር ሲመጣ ያ ሐሳብ ሳይነሳ ይቀራል። የሥራ ልምድ ወረቀት ደግሞ ሠራተኛው ሲጠይቅ ቀጣሪው የመስጠት ግዴታ አለበት። ቢሮው ተዘግቶ ሰዎቹ ከመበተናቸው በፊት መውሰድ ነው። ዘግይተው ፈራሚ ያጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ያሳዝናል።

«ሁለት ወቅት» የሚለውም ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ «ለረጅም ጊዜ እቆያለሁ» ብላ ጽፋ ነበር። ረጅም ማለት ስንት ነው? አምስት ዓመት ብትል ማንም አያምናትም፤ እሷም አታውቀውም። ሁለት ወቅት ግን ባለቤቱ የሚቆጥርበት የጊዜ መለኪያ ነው። እሷም በርግጥ ልትጠብቀው የምትችለው ቃል ነው። ደብዳቤው ላይ ከመስፈሩ በፊት ከባለቤቷ ጋር ቁጭ ብለው ተነጋገሩበት። ያን ሳያደርጉ ቃል መግባት ግን ከውሸት አይለይም። በልብዎ አዲስ አበባ ለመሄድ ሦስት ወር የሚጠብቁ ከሆነ እንዲህ ብለው አይጻፉ። ጅማ ውስጥ አንዱን ቀጣሪ ሠራተኛው ሲከዳው ሌሎቹ ይሰሙታል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን አመልካችም ይጎዳል።

ቃለ መጠይቅ ተጠራች። ጠረጴዛው ላይ ባለቤቱ፣ ሥራ አስኪያጁና የፋይናንስ ኃላፊው ተቀምጠዋል። ባለቤቱ ሐጂ ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ የቡና ነጋዴ። ሲቪውን አላዩትም። ቀጥ ብለው ጠየቋት።

«ልጄ፣ አንቺ የለመድሽው ሌላ ነው። ነገ ሌላ ፕሮጀክት ቢመጣስ?»

እዚህ ላይ «በጭራሽ አልሄድም» የሚል ሰው ይሸነፋል። ሐጂ አርባ ዓመት ከሰው ጋር ሲነግዱ ኖረዋል። የሷ መልስ ይህ ነበር፦ «ሊመጣ ይችላል ሐጂ። ከመጣ መጀመሪያ የሚሰሙት ከኔ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ማንም ቢጠራኝ አልንቀሳቀስም። ከፈቀዱልኝ ደግሞ መስከረምን ሳልጠብቅ ነሐሴ ላይ ልጀምር። የሙከራ ጊዜዬ ግዢው ሳይበረታ ያልቃል፤ ካልወደዱኝም ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ ይኖርዎታል።»

ነሐሴ መጀመሪያ የጀመረ ሰው 60 የሥራ ቀኑ የሚያልቀው ጥቅምት አጋማሽ ገደማ ነው። እሷ የሰጠችው ነገር ይህ ነው፤ አደጋውን ከባለቤቱ ትከሻ አንስታ ሥራ ወደሚቀዘቅዝበት ወር አዛወረችው። ጅማ ውስጥ ለትምህርት ቤት የሚያመለክት ሰው ይህን ስሌት በሴሚስተር ያድርገው። ለሆቴል የሚያመለክት በበዓላትና በምርቃት ሳምንት ያስላው። እያንዳንዱ ሥራ ሰው ቢለቅበት የሚያምበት ወር አለው። ያንን ወር አውቆ መሄድ ነው።

ሥራ አስኪያጁ «ይህን በውል ላይ እናስፍረው፣ ከለቀቅሽ ይህን ያህል ገንዘብ ትከፍያለሽ» አላት። ተረጋግታ ቃሏን በጽሑፍ እንደምትሰጥ፣ የገንዘብ ቅጣት ያለበትን ግን የሕግ ሰው ሳታማክር እንደማትፈርም ነገረችው። ትክክል ናት። ማስጠንቀቂያው በሕጉ 30 ቀን ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስር ወረቀት ላይ በችኮላ መፈረም ለማንም አይበጅም። ሐጂ «ተወው፣ ዋስ ታምጣ» አሉ። የገንዘብ ሥራ ስለሆነ ዋስ እንደሚጠየቅ አውቃ ነበር፣ ማን እንደሚሆንላትም ስም ይዛ ነበር የሄደችው። ጅማ ውስጥ ደመወዝ ያለው ሰው ዋስ ሲሆን «ይህች ሴት የት ትገኛለች?» የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመለሳል።

ከሐጂ ይልቅ የከበደው የፋይናንስ ኃላፊው ነበር። በዕድሜ ከሷ ያንሳል። አለቃዋ የሚሆነው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጮክ ብሎ አይቃወምም፤ በኋላ ኮሚቴው ብቻውን ሲቀር «ይከብዳታል» ብሎ ይጥላል። እኔ ራሴ ይህን ቃል ስንቴ ሰምቻለሁ። በፊተኛው ቃለ መጠይቅ የወደቀችውም እዚህ ነበር። ያኔ «ሲስተማችሁን አስተካክላለሁ፣ ልጆቹንም አሠለጥናለሁ» ብላ ነበር። እሷ ጥቅም ማሳየቷ ነው። ኃላፊው የሰማው ግን «ወንበርህን እወስዳለሁ» ነው።

አሁንም ያው ጥያቄ መጣ፦ «በኔ ሥር መሥራት አይከብድዎትም?»

«ኃላፊ በነበርኩ ጊዜ ከሒሳብ ሠራተኛዬ የምፈልገው ሪፖርቱ በሰዓቱ እንዲደርሰኝና ስህተት ሲኖር ቀድማ እንድትነግረኝ ነበር» አለችው። «እርስዎ የቀኑ ማመሳከሪያ በስንት ሰዓት እንዲደርስዎት ይፈልጋሉ?» ሁለት ሰዓት ማታ አላት። ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ያወሩት ስለ ሥራው ነበር። ለሰብሳቢዎቹ ቅድሚያ ክፍያ እንዴት እንደሚወራረድ፣ ከጣቢያዎቹ የትኛው ደረሰኝ እንደሚያዘገይ ጠየቀችው። ሰብሳቢዎቹን በአፋን ኦሮሞ ራሷ ማናገር እንደምትችልም እዚያው ታወቀ።

አንድ ነገር አለ፣ ብዙ አመልካች የማያስበው። ከላይ የነበረ ሰው እጁ ሊፈታ ይችላል። ስድስት ዓመት ሌላው ያዘጋጀውን ቫውቸር ስትፈርም የኖረች ሴት ራሷ ስታዘጋጅ ትፈጥናለች ወይ? ቀጣሪው «ትበዢያለሽ» ሲል አንዳንዴ «ታንሺያለሽ» ማለቱ ነው፤ ለማለት ግን ያፍራል። ይህን በቃል ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ ከቃለ መጠይቁ በፊት ሁለት ሳምንት ጓደኛዋ ቢሮ ማታ ማታ እየሄደች ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ተለማመደች። ቃለ መጠይቁ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ራሷ ጠየቀች፦ «የአንድ ወር ባንክ ስጡኝና ልሥራው።»

በማግሥቱ ጠዋት የባንኩን መግለጫና የድርጅቱን መዝገብ ሰጧት። ሁለቱ አይገጥሙም። ሦስት ሰዓት ያህል ወሰደባት። አንድ ቼክ ተጽፎ ገና ባንክ አልቀረበም፤ የባንክ አገልግሎት ክፍያ መዝገብ ላይ አልገባም፤ አንድ ገቢ ደግሞ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሦስቱን በአንድ ወረቀት ጽፋ ለፋይናንስ ኃላፊው ብቻ ሰጠችው። ለሐጂ አላሳየችም። ሁለት ጊዜ የተመዘገበው ገቢ የኃላፊው ክፍል ስህተት ነበር። ስህተቱን ማን ፊት እንደሚያነሳው ኃላፊው እንዲወስን መተዋ፣ በኔ ግምት፣ ከቃለ መጠይቁ መልሶች ሁሉ በላይ ሠርቶላታል።

ስለ ደመወዝ አጭር ነው። የፊተኛው 58,000 ብር ነበር፣ ይህኛው 15,000። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ ማስረዳት ግድ ነበር። «ገንዘብ አያሳስበኝም» ማለት አያስኬድም፤ ገንዘብ የማያሳስበው ሰው የለም። ያለችው እውነቱን ነው፦ የሚኖሩት በቤተሰብ ቤት ስለሆነ ኪራይ የለባቸውም፣ ባለቤቷ ደመወዝ አለው፣ ካለፈው መጋቢት ወዲህም ከዚህ ባነሰ ኖረዋል። ከቦታው እርከን በታች ግን አልወረደችም። ርካሽ ሆኖ መቅረብ ሰውን ያስፈራል እንጂ አያሳምንም። ስለ ጭማሪ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ወቅቱ ሲዘጋ የሠራተኛ ደመወዝ ይታያል ወይ የሚል። ይታያል ተባለች።

ይህ መንገድ ለሁሉም አይሠራም። አለቃው ትናንት የራስዎ ረዳት የነበረ ሰው ከሆነ ሁለታችሁም ትጎዳላችሁ፤ ሌላ ቦታ ቢፈለግ ይሻላል። ቤተሰቡ አዲስ አበባ ሆኖ እሱ ብቻውን ጅማ የሚቆይ ሰውም «እቆያለሁ» ቢል የሚያሳየው ነገር የለውም። እሱ የሚሻለው ማብቂያ ቀኑ የታወቀ፣ ለምሳሌ ለአንድ ወቅት ብቻ የሆነ ውል መጠየቅ ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ትበዛለህ» የሚባለው ዕድሜን ላለመጥራት ነው። ያኔ የትኛውም ደብዳቤ አይረዳም፤ ይህን ማለት ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። ምልክቱ ስለ ሥራው አንድም ጥያቄ አለመጠየቃቸው ነው። የሚፈራው መሄድዎን ከሆነ ግን ደጋግሞ ይጠይቃል፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀድሞው ደመወዝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲበዛ ብዙ ሰው ይከፋዋል። ባይከፋው እመርጣለሁ። ሊቀጥር ያሰበ ሰው ነው እንዲያ የሚጠይቀው።

ነሐሴ ላይ ጀመረች። ታኅሣሥ 2018 ላይ በርግጥ ስልኩ መጣ። በቀድሞ አለቃዋ በኩል አንድ አዲስ ፕሮጀክት፣ ከድሮው ባይደርስም ከአሁኑ እጥፍ በላይ ደመወዝ። በማግሥቱ ጠዋት ለፋይናንስ ኃላፊው ነገረችው። ለፕሮጀክቱ ሰዎች ደግሞ ሁለተኛው ወቅት ተዘግቶ ካላስረከበች እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ያን ያህል አንጠብቅም አሏት። የዚያን ዕለት ማታ ከጣቢያ የመጣው ደረሰኝ ሁለት ሰዓት ላይ ተመሳክሮ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ነበር።